ዱባይ ላይ በምንዛሪ መክሰሬን እንዴት አቆምኩት

ባለፈው ከአሜሪካ እህቴን ልጠይቅ ዱባይ ስሄድ ኤርፖርት ላይ 500 ዶላር መነዘርኩና 1,700 ድርሃም ተቀበልኩ። ትክክል መስሎኝ ነበር። ድርሃም ግን ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ነው፣ 1,836 መሆን ነበረበት። በአንዴ 136 ድርሃም ሄደ! ዋጋው ስለማይዋዥቅ የሰጡህን ድርሃም በዶላሩ አካፍለህ ከ3.67 ምን ያህል እንደራቀ ማየት ይበቃል።

ዘንድሮ መጀመሪያ በጥሬ ገንዘብ ብቻ የምከፍለውን አሰብኩ። ትንንሽ ምግብ ቤት፣ ገበያ፣ ጉርሻ፤ በቀን 100 ድርሃም፣ ለ6 ቀን 600፣ ለክፉ ቀን ደግሞ 100። ኤርፖርት ላይ 40 ዶላር ብቻ መነዘርኩ፣ ለመጀመሪያው ምሽት። በማግስቱ ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ምንዛሪ ቤት ጠይቄ፣ ኮሚሽን ካለ ቀድሜ አጣርቼ፣ 160 ዶላር በ3.65 መነዘርኩ። ባንክ መሰለፍ አላስፈለገኝም። ሆቴልና ሱፐርማርኬት በካርድ።

ካርድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ይላል። ሁሌም ድርሃም በሉ፤ ዶላር ከመረጣችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው የማሽኑ ባለቤት ነው። ካርዳችሁ የውጭ ግብይት ክፍያ እንዳለው ግን ሳትነሱ ባንካችሁን ጠይቁ፣ 3 በመቶ ከሆነ ከዴራው ምንዛሪ ይብሳል።