ከሌሊት ሽፍት በኋላ ሀገር ቤት ለመደወል የሚሻለውን ሰዓት እንዴት ማግኘት ይቻላል

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከማታ 11:00 እስከ ጠዋት 7:00 ነው የምሠራው። እናቴ ደግሞ አዲስ አበባ ናት። የእኔን ሽፍት የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ በዚሁ ምሳሌ እሄዳለሁ፤ ሌላ ከተማ ያላችሁ ስሌቱን ብቻ ቀይሩ። እንዳይምታታባችሁ፣ 7:45 ብዬ በሁለት ነጥብ የጻፍኩት የአሜሪካ ሰዓት ነው። «9 ሰዓት ከ45» ያልኩት ደግሞ ሀገር ቤት ያሉት በአፋቸው የሚሉት ነው።

1. መጀመሪያ ስሌቱን አቅልሉት

የስልካችሁ የዓለም ሰዓት አዲስ አበባን 2:45 ፒኤም ብሎ ያሳያችኋል። እሱን ደግሞ ወደ ሐበሻ ሰዓት መገልበጥ ሊኖርባችሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አዛውንት ሲያገላብጥ ያደረ ጭንቅላት ይሄ አይሆንለትም። ስለዚህ መተግበሪያውን ተዉትና እንዲህ አድርጉ፦ ዲሲ፣ ኒው ዮርክ ወይም አትላንታ ከሆናችሁ፣ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ባለው ጊዜ ግድግዳችሁ ላይ ባለው ሰዓት 1 ጨምሩበት። በቀሩት ወራት 2 ጨምሩ። 7:45 ከሆነ እዚያ 8 ሰዓት ከ45 ነው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ 9 ሰዓት ከ45።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። በማርች እና በኖቬምበር መካከል ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከንጋት ስለሚጀምር ከፈረንጁ በ6 ያንሳል፤ ከ7 ላይ 6 ሲነሳ 1 ይቀራል። ዳላስና ሚኒያፖሊስ ያላችሁ 2 ወይም 3፣ ዴንቨር 3 ወይም 4፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ደግሞ 4 ወይም 5 ትጨምራላችሁ። ድምሩ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ቀንሱ። ቀን ይሁን ሌሊት ለሚጠራጠር፣ ዲሲ ላይ ከማታ 11:00 እስከ ጠዋት 11:00 ያለው ጊዜ እዚያ ቀን ነው፤ በብርዱ ወራት ከ10:00 እስከ 10:00። የእኛ ሽፍት የእነሱ ቀን ውስጥ ነው የሚያልፈው ማለት ነው።

2. የማይሆኑትን ሰዓታት አስወጡ

ተኝታችሁ ከተነሣችሁ በኋላ መደወል ያጓጓል፤ ድምፃችሁም ጥሩ ነው። ግን ከቀኑ 3:00 ብትነሡ እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፣ በብርዱ ወራት 5 ሰዓት። ወንድም እህት ቢያነሱም እናት ተኝታለች። ሀገር ቤት በሌሊት የሚጮህ ስልክ ደግሞ መርዶ ነው የሚመስለው። ለሰላምታ ብላችሁ ሴትዮዋን ከአልጋ አታስዘልሏት።

የብሬክ ሰዓትም አለ። ከሌሊቱ 3:00 ላይ እዚያ 4 ሰዓት ረፋድ ነው፣ ቡና ፈልቶ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ብሬካችን ግማሽ ሰዓት ነው፣ ኮሪደሩ ፀጥ ያለ ነው፣ እኛ ደግሞ ሀገር ቤት ስንደውል ውቅያኖሱን በጉሮሯችን የምናሻግር ይመስል እንጮኻለን። ከዚያ በላይ ግን፣ ከባድ ወሬ ከሰማችሁ ያንን ይዛችሁ አራት ሰዓት ትሠራላችሁ። ብሬክን ለአጭር የድምፅ መልእክት ብቻ ተጠቀሙበት እላለሁ።

መኪና ውስጥ ፈጽሞ አትደውሉ። «እንዳልተኛ እኮ ነው የምደውለው» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ስልኩ ስፒከር ላይ ቢሆንም እንቅልፍ ካዳከመው ትኩረት የተረፈውን ወሬው ይወስደዋል። ያን ያህል ከደከማችሁ መፍትሔው ስልክ አይደለም፤ ፓርኪንግ ላይ ሃያ ደቂቃ ማሸለብ ነው።

የቀረው ከሥራ ወጥታችሁ ቤት በገባችሁበትና በተኛችሁበት መካከል ያለው ነው፣ በግምት ከ7:30 እስከ 8:45። ከዚህ ውስጥ ትክክለኛውን ግማሽ ሰዓት መምረጥ ነው ሥራው።

3. የቤቱን ውሎ እወቁ

ዋናው ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። እናትን «መቼ ልደውልልሽ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም። መልሱ ይታወቃል፦ «አንቺ በተመቸሽ ሰዓት ልጄ፣ እኔማ የት እሄዳለሁ!» ትሄዳለች ግን። ገበያ ትሄዳለች፣ ለቅሶ ትሄዳለች፣ እድር አለባት፣ ማኅበር አለባት። ቤት ብትሆንም እንጀራ እየጋገረች ከሆነ የምታወራው ከምጣዱ ጋር ነው።

ስለዚህ አትጠይቋት፤ አዳምጡ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከ7:30 እስከ 8:45 ባለው ውስጥ ሰዓቱን እየቀያየራችሁ ደውሉ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ በእነሱ ሰዓት ስንት እንደነበር፣ ማን እንዳነሳና ከጀርባ ምን እንደተሰማ አንድ መስመር ጻፉ። ስልኩ ረጅም ጠርቶ የወንድም ልጅ ካነሳ እሷ ጓዳ ናት። «እሺ… እሺ… ደኅና ናችሁ?» እያለች ያንኑ ጥያቄ ከደጋገመች አጠገቧ እንግዳ አለ። የምትፈልጉት ምልክት ሌላ ነው፦ እሷ ራሷ ወሬ የምትጀምርበት ሰዓት። የጎረቤቷን ነገር፣ የመብራቱን ነገር፣ የጤፉን ዋጋ ሳትጠየቅ ማውራት ከጀመረች ተቀምጣለች ማለት ነው። ያ ሰዓት ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ ቀን ከተደገመ አግኝታችሁታል።

የእናቴ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለው ሆኖ ተገኘ። ምሳ ተበልቶ ዕቃው ታጥቦ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ፣ የማታው ወጥ ሳይጣድ። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ወንድም ለምሳሌ ይሄ ሰዓት አይሆንም፤ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ቢሮ ነው። እሱን የምታገኙት ወደ ሥራ ሳትገቡ በፊት ነው፦ ማታ 10:45 ላይ እዚያ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ከ45 ነው፣ በብርዱ ወራት 12 ሰዓት ከ45። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ የዓርብን ጁምዓ ዝለሉ፤ በረመዳን ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ማእድ ቤቱ ለኢፍጣር ስለሚሯሯጥ ቀደም በሉ።

4. ሰዓት ሲቀየርና ጾም ሲገባ

ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም፣ አሜሪካ ትቀይራለች። ቀጠሮውን በራሳችሁ ሰዓት ከያዛችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈርሳል። በእነሱ ሰዓት ያዙት።

የ2018ን ዐቢይ ጾም እንውሰድ። የካቲት 9፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 16 ገባ። በጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚወጣው ወደ 9 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የሚጾም ሰው እህል የሚቀምሰውም ከዚያ በኋላ ነው። በጾሙ መጀመሪያ ሳምንታት 7:45 ላይ ብትደውሉ 9 ሰዓት ከ45 ስለሆነ እናት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ እህል ቀምሳ ተቀምጣለች። ግሩም ነው። ማርች 8 ላይ ግን አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ወደ ፊት ገፋች። በማግስቱ በዚያው በ7:45 ስትደውሉ እዚያ 8 ሰዓት ከ45 ነው፤ እናት ቅዳሴ ላይ ናት፣ ስልኳ ተዘግቷል። ፋሲካ ኤፕሪል 12 እስኪሆን አምስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው «ምነው ስልክ ማንሳት ተወች?» ብሎ ሲጨነቅ ይከርማል።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ በእነዚያ ሳምንታት እስከ 8:45 ነቅታችሁ መጠበቅ፣ ወይ ጥሪውን ወደ ቅዳሜና እሑድ ማዞር። በጾሙም ቢሆን የሰንበት ቅዳሴ ጠዋት ስለሆነ 8 ሰዓት ከ45 ላይ ቤት ትገኛለች። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሌሊት ሠራተኛ ሰውነት ረፋዱ በገፋ ቁጥር የውስጡ ሰዓት እያነቃው ስለሚሄድ፣ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተኛ ሰው ያንን ሰዓት ከሰዓት በኋላ አያካክሰውም፤ ዝም ብሎ ያጣዋል። ሰሙነ ሕማማት ላይ ደግሞ ስግደት ስላለ በሥራ ቀን አትሞክሩ። ዓርብ ስቅለት ቀኑን ሙሉ አትገኝም።

5. ጥሪው ራሱ

ቤት እንደገባችሁ ውኃ ጠጡ፣ ጥቂት ቆዩ። ሌሊቱን ያደረ ድምፅ ሻካራ ስለሚሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «አሞሻል እንዴ?» ይሆንና እሷን ማረጋጋት አሥር ደቂቃ ይበላል። መጋረጃውን ዝጉት፤ ብርሃን እንቅልፍ ያባርራል። ለመሰነባበት የሚሆን ጊዜም ያዙ። ግማሽ ሰዓት ካላችሁ በሃያኛው ደቂቃ «በሉ እንግዲህ» በሉ፤ ስልኩ ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ለሕፃኑም ሲዞር ቀሪው ያልቃል። የገንዘብና የሕመም ጉዳይ ለዕረፍት ቀናችሁ ይሁን፤ ይህንን ለወንድም ወይም ለእህት አስቀድማችሁ ንገሩ።

6. እነሱ የሚደውሉበትስ?

ሀገር ቤት ያለ ሰው ሥራ ፈትቶ ስልክ የሚያነሳው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። እሱም በዲሲ ከ11:00 እስከ 2:00፣ በብርዱ ወራት ከ10:00 እስከ 1:00፣ የእናንተ ድብን ያለ እንቅልፍ ሰዓት። ስልክ መዝጋት ያስፈራል፣ ክፍት መተው ያነቃል። አይፎን ካላችሁ የአትረብሹኝ ሁነታውን (Do Not Disturb) አብሩና Allow Repeated Calls የሚለውን ክፈቱ፤ አንድ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለ ያስጮኸዋል። ለቤተሰቡ «አስቸኳይ ከሆነ ብቻ በመደበኛው መስመር ሁለቴ ደውሉ፣ ካልሆነ ቴሌግራም ላይ ድምፅ ተዉልኝ» በሏቸው። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው መስማማት ያለባችሁ፣ እሱም ነገር የማያጋንነው ወንድም ወይም እህት ቢሆን ይሻላል።