ከት ላይ ሆናችሁ ከባድ ስትሰሩ በህመም፣ በእረፍትና በዲሎድ ሳምንት የሚሰሩ ስህተቶች

አቦ ይሄን ነገር የምጽፈው ድሬ ጂም ውስጥ ሁሌ ስለማየው ነው። ልጁ ከት ይገባል፣ ማለትም ጡንቻውን ይዞ ስብ ለማውረድ ምግብ ይቀንሳል፣ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ሳምንታት ቆንጆ ይሄዳል፣ ሚዛኑ ይወርዳል ጉልበቱም አለ፣ ከዛ አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ላይ ብረቱ ይከብደዋል፣ እግሩ ለአራት ቀን ይታመማል፣ እንቅልፍ ይሸሸዋል፣ እሱ ደግሞ በዛው ሰዓት ጭራሽ ጨምሮ መስራት ይጀምራል። ጡንቻ የሚሄደው እዛ ጋር ነው፣ ስህተቶቹም ብዙ አይደሉም፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው ህመምን መለኪያ ማድረግ ነው። "ዛሬ አላመመኝም ስለዚ አልሰራሁም" የሚል ልጅ ሞልቷል። ከስራ በኋላ የሚመጣው የጡንቻ መተሳሰር ከአንድ እስከ ሶስት ቀን ውስጥ ነው የሚብሰው፣ ዋና ምክንያቱም ሰውነት ያልለመደው ስራ ነው፣ በተለይ ብረቱን ቀስ እያላችሁ የምታወርዱበትና ጡንቻው እየተለጠጠ የሚሸከምበት እንቅስቃሴ። ላክቲክ አሲድ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም፣ እሱ ከስራ በኋላ በአንድ ሰዓት አካባቢ ከጡንቻው ይጠፋል፣ እናንተን ደግሞ የሚያማችሁ ነገ ተነገ ወዲያ ነው። ለወር ያልሰራችሁትን ላንጅ ዛሬ ብትሰሩ ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል፣ ያንኑ በሚቀጥለው ሳምንት ስትደግሙት ህመሙ በጣም ይቀንሳል፣ ጡንቻው ግን በሁለቱም ቀን ሰርቷል። ስለዚ ህመም የሚነግራችሁ ስራው አዲስ እንደሆነ ነው እንጂ ጥሩ እንደሆነ አይደለም።

ታዲያ ምን እንይ ካላችሁ የየቀኑን የመጀመሪያውን ከባድ ዙር እዩ። ካሟሟቃችሁ በኋላ በዛው ክብደት ስንት ሬፕ ወጣ፣ ማለትም ሳታስቀምጡ ስንት ግዜ አነሳችሁ የሚለውን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። አንድ ቀን ቢወርድ ምንም ማለት አይደለም፣ በደንብ አልበላችሁ ይሆናል ወይ ሙቀቱ አድክሟችሁ ይሆናል። ግን በሁለት ተከታታይ ልምምድ፣ ከአንድ በላይ እንቅስቃሴ ላይ፣ ሁለት ሬፕ ያህል ከወረደ ድካም ተጠራቅሟል ማለት ነው። ጠዋት ሳትነሱ የምትቆጥሩት የልብ ምት ከወትሮው ለቀናት ከፍ ብሎ ከቆየና ድሮ በሁለት ቀን የሚለቃችሁ ህመም አራት ቀን ከያዛችሁ ደግሞ የበለጠ እርግጠኛ ሁኑ።

ሁለተኛው ስህተት ለዚ ምልክት የሚሰጠው መልስ ነው። ሳቢያን ሰፈር አብሮኝ የሚሰራ ልጅ አለ፣ ክብደቱ 82 ኪሎ ነበር፣ ባለበት የሚያቆየው ወደ 2,600 ካሎሪ ሲሆን 1,900 እየበላ ነበር የሚቀንሰው። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ይወርዳል፣ እዚህ ድረስ ጤነኛ ነው፣ ምክንያቱም በሳምንት ከሰውነት ክብደት ግማሽ እስከ 1 ፐርሰንት መቀነስ ጡንቻ ለመያዝ የሚመች ፍጥነት ነው። አምስተኛው ሳምንት ላይ ግን ስኳቱ 100 ኪሎ በ6 የነበረው 4 ሆነ፣ ቤንቹ 75 በ8 የነበረው 6 ሆነ። እሱ "ጡንቻዬ እየሄደ ነው" ብሎ ደነገጠና በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሁለት ዙር ጨመረ፣ ማታ ደግሞ ሩጫ።

አያችሁ፣ ቤት ሰሪው ግንበኛ ጨመረ፣ ሲሚንቶው ግን ተቀንሷል። ከት ላይ የሚጠግናችሁ ምግብ ራሱ ትንሽ ስለሆነ በደንብ እየበላችሁ የምትችሉትን ያህል ዙር አትችሉም፣ ጉልበት የወረደውም ጡንቻው ጠፍቶ ሳይሆን ድካሙ ጡንቻውን ሸፍኖት ነው ብዙ ግዜ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ፕሮቲን እየበላና ከባድ እያነሳ ያለ ሰው ስኳቱ ላይ ሁለት ሬፕ የሚያህል ጡንቻ አያጣም። ይሄን ማወቂያ መንገዱ ደግሞ ዲሎድ ነው፣ ማለትም ድካም እንዲወጣ ስራው የሚቀነስበት ሳምንት፣ አርፋችሁ ጉልበቱ ከተመለሰ ድካም ነበር።

ሶስተኛው ዲሎዱን ራሱ ማበላሸት ነው፣ እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ነው። አንዱ ሳምንቱን ሙሉ ጂም አይረግጥም። ይሄ ከባድ ጥፋት አይደለም፣ አንድ ሳምንት ባትሰሩ ጡንቻ አይጠፋም፣ ግን ስትመለሱ እንቅስቃሴው ትንሽ ሊጠፋችሁ ህመሙም ሊመለስ ይችላል። ሌላው ደግሞ "ዲሎድ ነው ቀላል ልስራ" ብሎ 40 ኪሎ ይዞ 25፣ 30 ሬፕ እስኪያቃጥለው ይሰራል። ይሄኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ክብደቱን ቀነሰ እንጂ ስራውን አልቀነሰም፣ ድካሙም አልቀነሰም። ከት ላይ ሰውነታችሁ ጡንቻውን እንዲይዝ የሚነግረው ከባዱ ብረት ነው፣ የሚያደክማችሁ ደግሞ በብዛት የዙሩ ብዛትና እስከ መጨረሻ መግፋቱ ነው። ስለዚ የሚቀነሰው ዙሩ ነው።

ለልጁ ያደረግንለት እንዲህ ነው። ቀኖቹን አልነካንም፣ ጂም የሚመጣበት ቀን ያው ነው። ስኳት 5 ዙር የነበረው 2 ሆነ፣ ክብደቱ ከ100 ወደ 90 ወረደ፣ ሬፑ 4 ላይ ይቆማል፣ ማለትም ሌላ አራት መስራት እየቻለ ያስቀምጣል። ቤንቹም እንደዛው፣ 70 ኪሎ ይዞ ሁለት ዙር በ4። ትንንሾቹን የክንድና የትከሻ ስራዎች አንድ አንድ ዙር ብቻ፣ አዲስ እንቅስቃሴ የሚባል ነገር በዛ ሳምንት የለም፣ ሩጫው ቀርቶ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ከዚራ ዛፎቹ ስር የእግር ጉዞ። በሰላሳ ደቂቃ ጨርሶ ሲወጣ "ምንም አልሰራሁም" የሚል ስሜት ነበረው፣ ያ ስሜት ትክክለኛው ነው።

አራተኛው ምግቡ ነው። "ትንሽ ስለምሰራ ትንሽ ልብላ" የሚለው ሀሳብ ትክክል ይመስላል ግን ዲሎዱን ይገድለዋል። ለዛች ሳምንት ምግቡን ወደ ማቆያው መልሱት፣ እሱ ከ1,900 ወደ 2,500 ነው የወጣው፣ ጭማሪው በብዛት ከሩዝ፣ ከእንጀራና ከፓስታ። ጠዋት አንድ ፈጢራ ከእንቁላል ጋር ቢበላ ችግር የለውም፣ ዘይቱን ግን ቁጠሩት። ፕሮቲኑ አይወርድም፣ በኪሎ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም፣ ለሱ 140 ግራም አካባቢ። ፆም ላይ ያላችሁ ይሄን ከሽሮ፣ ከምስርና ከአኩሪ አተር ለማግኘት ብዙ መብላት ስላለባችሁ ካሎሪውን በጣም አትቀንሱት።

ሚዛኑ ግን ያስደነግጣል። እሱ ሶስተኛው ቀን ላይ ወደ አንድ ኪሎ ጨምሮ ደወለልኝ። ስብ አይደለም፣ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚጠራቀመው ግላይኮጅን እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚገባው፣ ስለዚ ካርቦሃይድሬት ስትመልሱ ውሃ ይመለሳል። ሂሳቡን በሀቅ ካየነው ያቺ ሳምንት ያስከፈለችው ሳይቀነስ የቀረ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ስብ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 1,900 ሲመለስ ውሃው ወረደ፣ ስኳቱም 100 በ6 ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ ችግሩ ሌላ ነው ማለት ነው፣ ያኔ በቀን 200 ወይ 300 ካሎሪ መጨመር ወይ ዙሩን እስከ ከቱ መጨረሻ መቀነስ ነው ያለው አማራጭ። ከት ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ውስጥ አንዴ ዲሎድ ማድረግ ለብዙ ሰው ይሰራል።

አምስተኛው እንቅልፍ ነው፣ ድሬ ላይ እንቅልፍ ሲባል ደግሞ ጫትን ሳያነሱ ማውራት አይቻልም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ግን ከት ላይ ያለ ልጅ ጫት ምግብ ስለሚዘጋለት እንደ መቀነሻ ይጠቀምበታል፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ይቀመጣል፣ ማታ ምግብ አይገባለትም፣ እንቅልፍ የሚወስደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ጂም። ካቲኖን ልብን ያፈጥናል እንቅልፍን ያባርራል፣ ያ የጠዋቱ የልብ ምትም ይምታታባችኋል። በ2010 የታተመ የቺካጎ ጥናት አለ፣ ምግብ የተቀነሰላቸው ሰዎች ለ14 ቀን 8 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ ሲሆኑና 5 ሰዓት ተኩል ሲሆኑ ተነጻጸሩ፣ ሁለቱም ግዜ የቀነሱት ወደ 3 ኪሎ ነው፣ ግን በደንብ ሲተኙ ከዛ ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ሲሆን ሲያንሳቸው 0.6 ብቻ ነበር። ሰዎቹ 10 ብቻ ነበሩ፣ ብረት የሚያነሱም አልነበሩም፣ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ቢያንስ በዲሎዷ ሳምንት በርጫውን ተዉት። ቆርቆሮው ቤቱን ሲያግለው ከመተኛታችሁ በፊት ገላችሁን ታጠቡ፣ ቬንትሌተር ካለ ክፈቱ፣ ግቢ የምትተኙ አጎበር አትርሱ።

አጎበር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ የመጨረሻው ስህተት እዛ ጋር ነው፣ ማንኛውንም ህመም የጂም ህመም ማድረግ። ድሬ በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉኒያ የገባባት ከተማ ናት፣ ወባም አለ። የጂም ህመም የሰራችሁት ጡንቻ ላይ ነው፣ ስትንቀሳቀሱና ሲነካ ያማል፣ ትኩሳት የለውም። ትኩሳት ካለ፣ ቁርጥማቱ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ከአይን ጀርባ የሚያም ራስ ምታት ከመጣ ዲሎድ አይደለም የሚያስፈልጋችሁ፣ ምርመራ ነው። እስከዛው ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አስፕሪንም አትዋጡ፣ ደንጊ ከሆነ መድማትን ያባብሳሉ። ትኩሳት ባይኖርም በዚህ ሙቀት ውሃ ሳትጠጡ፣ ምግብም ቀንሳችሁ፣ ለጡንቻ ህመም ብላችሁ በየቀኑ ዲክሎፌናክ መዋጥ ኩላሊትን ይጎዳል። ሽንታችሁ ደግሞ ኮካ የመሰለ ጥቁር ቡኒ ከሆነ፣ በተለይ ጡንቻው አብጦ ከደነደነ፣ ነገ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ የተሰባበረ ጡንቻ ኩላሊት እየዘጋ ሊሆን ስለሚችል በዛው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ከትኩሳት ስትነሱም የመጀመሪያው ሳምንት ልክ እንደ ዲሎዱ ይሁን፣ ሁለት ዙር፣ አራት ሬፕ፣ ምግቡ ማቆያው ላይ፣ ከቱን ደግሞ ምግብ በደንብ መግባት ከጀመረ በኋላ ቀጥሉት።