ጉዳትን «ሲክ ሊቭ» ብሎ መሙላት፦ የኤችአር ሰዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ውስጥ በየፋብሪካው ኤችአር ወንበር ላይ አዲስ ለተቀመጣችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ጎበዞች ናችሁ። ሠራተኛ ታከብራላችሁ፣ ደመወዝ በሰዓቱ ትሠራላችሁ። አንድ ሰው ማሽን ላይ ሲጎዳ የምትሞሉት ፎርም ግን ያበሳጫል።

ጉዳቱን በሕመም ፈቃድ መያዝ

ነገሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንዲት ልጅ እጇ ማሽን ውስጥ ይገባል። ሱፐርቫይዘሩ ይደውልና «ለጊዜው ሲክ ሊቭ ሙላላት» ይላል። ኤችአሩም ይሞላል። «ለጊዜው» የተባለው በዚያው ይቀራል።

ልዩነቱን በብር እንየው። ልጅቷ በወር 6,000 ብር ታገኛለች እንበል። ሐኪሙ ለስድስት ወር መሥራት አትችልም ብሏል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። ስድስቱ ወር ሲደመር 12,000 ብር ይሆናል።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ነው፤ 18,000 ብር። ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ አያንስም፤ 13,500 ብር። በድምሩ 31,500 ብር። ካልዳነች ደግሞ ለቀጣዮቹ ስድስት ወራት ከግማሽ ያላነሰ ይከፈላታል። የሕመም ፈቃዱ ግን በስድስተኛው ወር ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የስንብት ደብዳቤ ነው የሚከተለው። በአንዲት የተሳሳተች ምልክት 19,500 ብሯን ወሰዳችሁባት፣ ሥራዋንም አደጋ ላይ ጣላችሁት።

«በኋላ እናስተካክለዋለን» አትበሉኝ። በኋላ የሚያስተካክለው ማስረጃ የለም። ምስክሮቹ ሥራ ይለቃሉ፣ ማሽኑ ይጠገናል፣ የሕክምና ካርዱ ላይ ደግሞ «ጣት ላይ ቁስል» ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ሐኪሙ ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም፤ የሚጽፈው ይዛችሁ የሄዳችሁትን ነው። ስለዚህ የመላኪያ ወረቀቱ ላይ በግልጽ «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማሽኑን መለያ፣ የተጎዳውን የአካል ክፍል፣ ያዩትን ሰዎች ስም በዚያው ቀን መዝግቡ። አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ውለታ አይደለም።

በባጃጅ ከጓደኛዋ ጋር መላክ

የመጀመሪያ እርዳታ በቶሎ መስጠት፣ ከዚያም በተገቢ ተሽከርካሪ ቅርብ ወዳለው የሕክምና ተቋም ማድረስ ያለበት አሠሪው ነው። የቀዶ ሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ ካስፈለገም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ የእሱ ነው።

«ጥፋቱ የራሷ ነው»

ይህን የሚሉኝ አንዳንዴ ትልልቅ ሥራ አስኪያጆች ናቸው። ሕጉ አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የሚቀርለት ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ሲገኝ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ሲገባ። መቻኮል፣ መዘንጋት፣ ድካም እዚህ ውስጥ አይገቡም። «መመሪያውን ጥሳለች» የምትሉ ከሆነ ደግሞ መመሪያው መቼ፣ በምን ቋንቋ፣ በማን ፊት እንደተሰጣት አሳዩኝ። ግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተለጠፈ ወረቀት ይዛችሁ እንዳትመጡ።

በሽታን ከጉዳት አለመቁጠር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ደም አይታይም፣ ጩኸት አይሰማም፣ ስለዚህ ማንም ፎርም አይሞላም።

ከሥራ ልምዴ አንዱን ላንሳ። ጥጥ የሚበጠርበት ክፍል ውስጥ ዓመታት የሠራ አንድ ሰው ሰኞ ሰኞ ይቀራል። ባይቀርም እየሳለ፣ ደረቱን ይዞ ነው የሚገባው። ሐሙስና ዓርብ ደህና ነው። ሱፐርቫይዘሩ «እሁድ ሲጠጣ እያደረ ነው» ብሎ ደመደመ። ሦስት ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ ገባ። የቲቢ ምርመራው ነፃ፣ የደረት ራጁም ደህና ነበር። «እንግዲህ ምንም የለበትም» ተባለ።

ይህ ባይሲኖሲስ የሚባለው የጥጥ አቧራ በሽታ ዋና ምልክት ነው። ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ደረት ይጨብጣል፤ ሳምንቱ ሲገፋ ይቀልላል። ዓመታት ሲሄዱ ሕመሙ ወደ ማክሰኞና ረቡዕ ይዘልቃል፤ በመጨረሻ ሳምንቱን ሙሉ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ሳንባው እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። ራጅ ደህና መሆኑ አያስገርምም፤ በሽታውን ለይቶ አያሳይም። የሚያሳየው የትንፋሽ መለኪያ ነው። ሰኞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያስነፍሱታል፣ ሽፍቱ ሲያልቅ ይደግሙታል። በአንድ ሰከንድ የሚያስወጣው አየር በግልጽ ከቀነሰ ወደ አቧራው ያመለክታል። ሲጋራና አስም ስሌቱን ሊያዛቡት ስለሚችሉ ሐኪሙ የሥራ ታሪኩን መስማት አለበት። አደጋው በዋናነት ጥጥ በሚፈታበትና በሚበጠርበት ክፍል ነው፤ ልብስ ስፌት ላይ ይህን በሽታ አትፈልጉት።

ያ ሰው ፋይል ውስጥ የነበረው ምርጥ ማስረጃ ምን ነበር? እሱን ለማባረር የተሰበሰበው የቀሪ መዝገብ። ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ ይላል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የዚያን ክፍል ሰዎች አቴንዳንስ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ሦስት አራት ሰው ሰኞ የሚያመው ከሆነ ጉዳዩ ጠላ አይደለም።

«ጉዳት የደረሰበት ቀን የለም፣ በምን እንመዝግበው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሕጉ መልሶታል። በሽታው መጀመሪያ ከሥራ ያስቀረው ቀን፣ ወይም በምርመራ መጀመሪያ የታወቀበት ቀን፣ ጉዳት እንደደረሰበት ቀን ይቆጠራል። በሽታው በመመሪያ በወጣው ዝርዝር ውስጥ ካለና ሰውየው ከዚያ ጋር የሚዛመደውን ሥራ ከሠራ፣ ያ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን ከሥራው የመጣ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል፤ እዚያ ላይ የትንፋሽ ውጤቱ ዋጋ አለው። ለዚህ ነው አዲስ ተቀጣሪንና አደገኛ ክፍል የሚሠራን ሰው በአሠሪው ወጪ ማስመርመር የሚያስፈልገው። ሲቀጠር ሳንባው እንዴት እንደነበር ካልለካችሁ፣ ነገ «ይዞት የመጣው ነው» ብላችሁ የምትከራከሩበት ወረቀት የላችሁም።

መቶኛውን ራስ መገመት

ዘላቂ ጉዳት ካለ ደረጃውን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወራት ውስጥ። ክፍያው በኢንሹራንሱ ወይም በጡረታ ሕጉ ይሄዳል። በሁለቱም ላልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ ዘላቂ ጉዳት የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በወር 6,000 ለሚያገኝ 360,000 ብር ይሆናል። ቦርዱ 20 በመቶ ካለ 72,000። «አንድ ጣት ናት፣ 5,000 ብር ስጧት» የሚባል ስሌት የትም የለም።

«ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ወረቀት ማስፈረም

ሠራተኛ በሕግ ያገኘውን መብት ለመተው ቢፈርም ፊርማው ዋጋ የለውም። ወረቀቱን አታባክኑ።

ክፍያው ሲቆም ሕክምናውንም ማቆም

የየወሩ ክፍያ የሚቆመው ሠራተኛው መዳኑ በሐኪም ሲረጋገጥ፣ ወይም የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ሲያገኝ፣ ወይም ሥራ ካቆመ 12 ወር ሲሞላው ነው፤ ከሦስቱ የቀደመው ይይዛል። ሕክምናው ግን በዚህ አይቆጠርም። የሚቋረጠው የሕክምና ቦርድ ሲወስን ብቻ ነው። ስለዚህ በአሥራ ሦስተኛው ወር ክሊኒኩ ደውሎ «እንቀጥል ወይ?» ቢላችሁ፣ የቦርዱ ወረቀት እጃችሁ ላይ ከሌለ መልሱ «ቀጥሉ» ነው።