ሎግላይናችሁ «ታሪኩ የታለ?» ተብሎ ሲመለስ

ደብረ ብርሃን ላይ የአጭር ፊልም ተማሪዎችን የቤት ሥራ አያለሁ። ሎግላይን ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ነው፦ ማን፣ ምን ፈልጎ፣ ምን ከለከለው። ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ይህን አመጣች፦

«አንዲት የመንዝ ልጅ ብዙ ፈተና አልፋ የአያቷን ፍቅር የምታገኝበት ልብ የሚነካ ታሪክ።»

ችግር፦ ልጅቷ አትታይም። «አንዲት ልጅ» ማንም ልትሆን ትችላለች። ስም ቢጨመርም ለውጥ የለውም፤ አንባቢው አያውቃትም። የሚሻለው ታሪኩን የሚያከብድ አንድ ጠባይ ነው። ተማሪዋን ስጠይቃት «ዓይን አፋር ናት፤ ቀና ብላ ሰው አታይም» አለችኝ። ያዝነው።

ችግር፦ ግቡ አይቀረጽም። ፍቅር መገኘቱን በምን እናውቃለን? የመጨረሻው ሾት ላይ «ተሳካላት» ወይም «አልተሳካላትም» ማለት ካልቻላችሁ፣ የጻፋችሁት ስሜት እንጂ ግብ አይደለም። «ልጅቷ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ታደርጋለች?» አልኳት። ወንድሟ የአያታቸውን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባናቸውን፣ ሸጦታል፤ እሷ አያቷ ሳይሰሙ ልትመልሰው ትፈልጋለች። ግቡ ይኸው! ባና በእጅ ይያዛል፣ ካሜራም ያየዋል። ገዢው የሚሄድበት አውቶቡስ ሳይነሳ የሚል የጊዜ ገደብም ጨመርንበት። ፊልሙ አሥር ደቂቃ ስለሆነ ታሪኩ በአንድ ቀን ማለቁ ይጠቅማል።

ችግር፦ እንቅፋቱ ማንንም አያቆምም። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ብዙ ፈተና» ሲባል አንዱም አይታይም። ተማሪዋ መጀመሪያ «ብርድና ድህነት» ብላ አስተካከለችው። የመንዝ ብርድ እውነት ነው፤ ግን ብርድ የራሱ ፍላጎት የለውም፣ መልስ አይሰጥም። ቀጥላ ገዢውን እጥፍ ዋጋ አስጠየቀችው። ይሄ ይሻላል፤ ሆኖም ገንዘቡ ከተገኘ ታሪኩ ያበቃል። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የሚከለክላት ሰው ለራሱ በቂ ምክንያት አለው? ትንሽ አሰበችና «የታመመ ሕፃኑን ጠቅልሎበት ቢሆንስ?» አለች። አሁን ባናው አንድ ነው፣ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሁለት ናቸው። ዓይን አፋሯ ልጅም የማታውቀውን ሰው ፊት ለፊት ማናገር ግድ ሆነባት።

የተስተካከለው ይህ ነው፦

«ቀና ብላ ሰው የማታይ የ12 ዓመት የመንዝ ልጅ፣ ወንድሟ የሸጠውን የአያቷን ባና አውቶቡሱ ሳይነሳ ለማስመለስ ወደ መናኸሪያ ትሮጣለች፤ ገዢው ግን የታመመ ሕፃኑን ጠቅልሎበታል።»

ከ25 ቃል አይበልጥም። አንድ የአማርኛ ግስ ብዙ ስለሚሸከም ከዚህ ከረዘመ አንዱን ሐረግ አውጡት።

ችግር፦ መጨረሻው ተነግሯል። ተማሪዋ «በመጨረሻም ትተውለታለች» የሚል ልትጨምር ነበር። እንድታወጣው ነገርኳት። የፊልሙ መጨረሻ ቦታው ታሪኩን እስከ ፍጻሜው የሚያሳጥረው ሲኖፕሲስ ውስጥ ነው፤ ሎግላይኑ «ጠቅልሎበታል» ላይ ይቆማል።