የባልደረባን መልክ ስናደንቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሸሚዝህ ያምራል» እና «ሸሚዙ ደረትህን እንዴት አድርጎ አውጥቶታል» የሚሉት ሁለት አስተያየቶች የሚነገሩት ስለ አንድ ልብስ ነው። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው አመስግኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁለተኛውን የሰማ ግን ሐሳቡ ወደ ገዛ ሰውነቱ ይዞርና «ይህ ሰው እስካሁን ምኔን ሲያይ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው መርጦ የለበሰውን፣ መርጦ የተሠራውን ፀጉር ማድነቅ ለምርጫው ዋጋ መስጠት ነው። ሰውነቱን ማድነቅ ግን፣ በቅን ልብም ቢሆን፣ ሳይጠየቁ መዳኘት ይሆናል።

ይህን ስል ዝም እንበል ማለቴ አይደለም። ኤሪካ ቡዝቢ እና ቫኔሳ ቦንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የሚሰጡት አድናቆት ሰሚውን ምን ያህል እንደሚያስደስት አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። መልካም ቃል ከምናስበው በላይ ይሠራል። የሚከተሉት ስህተቶች ግን ያንን መልካም ቃል ያበላሹታል።

መክሳትን እንደ ስኬት ማድነቅ

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ይህን ስህተት የሚሠሩት አብዛኞቹ ሰዎች ፍጹም ቅን ናቸው።

አንዲት ሠራተኛ ከረጅም ፈቃድ ተመልሳ ቢሮ ገባች እንበል። ገና ከበሩ ሳታልፍ አንዱ ባልደረባዋ ሁሉም በሚሰማበት ድምፅ «እንዴት ከስተሽ አምሮብሻል! ምን አድርገሽ ነው? ምስጢሩን ለእኛም ንገሪን እንጂ» ይላታል። እሷ የከሳችው የታይሮይድ እጢዋ ከመጠን በላይ እየሠራ ስላስቸገራት ነው። ልቧ ያለ ምክንያት ይመታል፣ እንቅልፍ አጥታለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። አሁን በሰው ፊት ቆማ ምን ትመልስ? እውነቱን ከተናገረች ሕመሟን ለመላው ቢሮ ገለጠች። «ስፖርት ጀምሬ ነው» ካለች ዋሸች፣ ነገም ስለ ስፖርቱ ትጠየቃለች። ዝም ካለች ኩራተኛ ትባላለች። ተናጋሪው ደስ ያሰኛት መስሎት ተቀመጠ፤ እሷ ግን ገና የሥራ ቀኗ ሳይጀመር ደክሟታል።

ጉዳቱ በዚያ ጠዋት አያበቃም። ሕክምናው ሲሠራ ክብደቷ ይመለሳል። ያኔ መዳኗ ራሱ፣ ቀድሞ ባደነቋት ሰዎች ዓይን፣ እንደ ውድቀት ይታያል፤ «አምሮብሽ ነበር» የሚልም አይጠፋም። ደግሞስ የከሳው ሰው ሐዘን ላይ ቢሆን? የስኳር ሕመም ቢኖርበት? በድብርት ምክንያት ምግብ አልበላ ብሎት ቢሆን? ሆን ብሎ ራሱን የሚያስርብ ሰው ከሆነ ደግሞ አድናቆቱ «በዚሁ ቀጥል» የሚል ሽልማት ሆኖ ይደርሰዋል። ራሼል ካሎጌሮ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 በሴቶች ላይ ያሳተሙት ጥናት ትችት ብቻ ሳይሆን ስለ መልክ የሚሰጥ ምስጋናም ራስን ከውጭ እንደ ዕቃ ከመመልከትና በሰውነት ካለመርካት ጋር እንደሚያያዝ ጠቁሟል። ምስጋናው ያስደስታል፤ ግን ሰው እያየኝ ነው የሚለውን ስሜትም አብሮ ይቀሰቅሳል።

ታዲያ ምን ይባል? «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቢሮው ያለ አንቺ ጭር ብሎ ነበር» ይበቃል። እሷ ራሷ «ክብደት ልቀንስ ብዬ ስታገል ከርሜ ተሳካልኝ» ብላ ካነሳችው ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ድካሟን አንስቶ «በርትተሻል» ማለት ነው እንጂ፣ የድሮ መልኳን ከአሁኑ እያወዳደሩ ማውራት አያስፈልግም። «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል» የሚለውም ከዚህ አይለይም።

ሥራውን ትቶ መልኩን ማንሳት

አንድ ሰው በስብሰባ ላይ ለቀናት የደከመበትን ሪፖርት አቅርቦ ሲጨርስ የመጀመሪያው አስተያየት «ዛሬ ደግሞ እንዴት ዘንጠሃል!» ከሆነ፣ የተሰብሳቢው ዓይን ከሪፖርቱ ወደ ልብሱ ዞረ ማለት ነው። ቃሉ ክፉ አይደለም። ያው ቃል ጠዋት ሲገባ ቢነገረው ቀኑን ያደምቅለት ነበር። በተለይ ሴቶች፣ አዲስ ገቢዎችና ወጣት ሠራተኞች ሐሳባቸው እንዲደመጥ ብዙ ስለሚለፉ ይህ መዞር ይጎዳቸዋል። መጀመሪያ የቀረበውን ሥራ አንሱ፤ ስለ ልብሱ ከስብሰባው በኋላ፣ በአጭሩ፣ መልስ ሳይጠብቁ መናገር ይቻላል።

ፈገግታን እንደ ፈቃድ መቁጠር

አለቃ የበታቹን ሲያደንቅ የበታቹ ፈገግ ይላል። ምን አማራጭ አለው? የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት፣ ፈቃዱን የሚፈርምለት ያ ሰው ነው። ስለዚህ ከሥልጣን በታች ያለ ሰው ፈገግታ ምቾቱን አያረጋግጥም።

ይልቅ ሌላውን ምልክት ተመልከቱ። «አመሰግናለሁ» ብሎ ወዲያው ወደ ሥራ ጉዳይ ከዞረ፣ ጃኬቱን ሰብሰብ ካደረገ፣ ያደነቃችሁትን ልብስ ዳግም ካልለበሰው፣ ብቻችሁን ወደምትገኙበት ክፍል መግባት ከተወ፣ ቃላችሁ ከብዶታል። የተመቸው ሰው ብዙውን ጊዜ ወሬውን ራሱ ይቀጥላል፤ ከየት እንደገዛው ይነግራችኋል ወይም የእናንተንም ያደንቃል። በየቀኑ የሚደጋገም አድናቆት፣ ማታ በስልክ የሚላክ «ዛሬ አምሮብሽ ነበር» የሚል መልእክት፣ ከራስ እስከ እግር ቃኝቶ የሚሰጥ አስተያየት፣ ከአለቃም ባይመጣ ይከብዳል።

ብዙዎች «ለወንድ ባልደረባህ የማትለውን ለሴቷ አትበል» የሚለውን መመዘኛ ይጠቅሳሉ። ጥሩ ነው፤ ማሽኮርመምን ከአድናቆት ለመለየት ያግዛል። ነገር ግን ስለ ክብደት የሚነገረውን አይዝም፤ ምክንያቱም ያንን ለወንዱም ለሴቷም እኩል እንላለን። በዚያ ላይ «ይህን ነገር ዛሬ መርጦ ያደረገው ነው ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምስጋናው ውስጥ ስድብ መጨመር

«ዛሬ ገና ሰው መሰልሽ»፣ «ለዕድሜህ ጥሩ ነህ»። የመጀመሪያው ትናንትን፣ ሁለተኛው እኩዮቹን ይሰድባል። ማነጻጸሪያውን ብቻ አውጡት፤ «ቀለሙ ሄዶልሻል» ማለት ይበቃል።

ቅር ያለውን ሰው መከራከር

«እኔ እኮ በቅንነት ነው፤ አንቺ ነሽ ያጋነንሽው» የሚል መልስ ትንሹን ስህተት ትልቅ ያደርገዋል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ቁጥር 190 ስምምነት በሥራ ቦታ ትንኮሳን ሲተረጉም የድርጊቱን ዓላማ ብቻ ሳይሆን ያስከተለውን ወይም ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳትም ይመለከታል። አንድ ጊዜ ያመለጠ ያልተገባ አድናቆት ሁሉ ትንኮሳ ነው ማለት አይደለም። ከተነገረው በኋላ የሚደግመው ሰው ግን «አላወቅሁም» የሚለውን ምክንያት አጥቷል።

ቅር ያለው ሰው «አመሰግናለሁ፤ ስለ ሰውነቴ ባይወራ ግን ደስ ይለኛል» ካለ ትክክለኛው መልስ አጭር ነው፦ «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አላነሳውም።» ረጅም ማብራሪያ ሲከተል ተጎጂዋ ራሷ አጽናኚ ትሆናለች። በማግስቱም እንደ ወትሮው ሰላም በሏት፣ ሥራውንም አማክሯት። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ አፍረው ይርቃሉ፣ እሷም መናገሯ እንዳስቀጣት ይሰማታል።