ስምዎ ታግ የተደረገበትን ፎቶ ከፌስቡክ ማላቀቅ፣ ያ ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚቻል

በጥር ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚነሱ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ወደ ሐይቅ ይወርዳሉ እንበል። ከሚዜዎቹ አንዷ በማግስቱ ፌስቡክ ስትከፍት የሙሽራው እህት የለጠፈቻቸውን ፎቶዎች ታገኛለች። በአንዱ ላይ ስሟ ታግ ተደርጓል። ፎቶው ነውር የለበትም፤ እሷ ግን በዚያ አለባበስ በሥራ ባልደረቦቿ ፊት መታየት አትፈልግም።

የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው። ፎቶውን ይክፈቱ፣ በላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይንኩና «Remove tag» የሚለውን ይምረጡ። ታግ የተደረጉት በጽሑፍ ልጥፍ ላይ ከሆነም ሦስቱን ነጥቦች ከልጥፉ ቀኝ ጥግ ያገኟቸዋል። ለለጠፈው ሰው ማሳወቂያ አይደርሰውም፤ ልብ ብሎ ካየ ግን ስምዎ እንደሌለ ያስተውላል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለው «Hide from profile» ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱ ልጥፉን ከእርስዎ ገጽ ብቻ ይሰውራል እንጂ ታጉን አያነሳም።

ፎቶዎቹ ብዙ ከሆኑ አንድ በአንድ መልፋት አያስፈልግም። ወደ «Activity log» ገብተው «Photos you're tagged in» የሚለውን ይክፈቱ፣ የማይፈልጓቸውን ይምረጡና ታጉን በአንድ ጊዜ ያንሱ።

አሁን ምን ተለወጠ? ታግ ከፎቶው ወደ እርስዎ ገጽ የሚወስድ መንገድ ነው፤ ሲነሳ መንገዱ ይጠፋል፣ ፎቶው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የሙሽራው እህት ፎቶውን ለጓደኞቿ ብቻ ለጥፋው ከነበረ፣ በሚዜዋ ታግ ምክንያት የሚዜዋም ጓደኞች ያዩት ነበር። እነሱ ከእንግዲህ በዚያ በኩል አይደርሱበትም፤ ስለዚህ ማንሳቱ በእርግጥ ይጠቅማል። ከቀኑ አጠገብ የመሬት ሉል ምልክት ካለ ግን ልጥፉ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ታግ ኖረም አልኖረም ባልደረቦቿ ያዩታል። ለማረጋገጥ የልጥፉን አድራሻ ቀድተው በፌስቡክ ባልገቡበት አሳሽ ይክፈቱት። ከታየ ለሁሉም ክፍት ነው።

ከዚህ የባሰው ቅጂ ነው። ፎቶ ቤቱም ያንኑ ፎቶ በራሱ ገጽ ለጥፎት ይሆናል፤ ከሥሩም አንድ ዘመድ የሚዜዋን ስም በአስተያየት ጽፎ ይሆናል። የሙሽራው እህት የራሷን ብታጠፋ እንኳ የፎቶ ቤቱ አይነካም። የተጻፈው ስም ሲነካ ወደ ገጿ የማይወስድ ከሆነ ደግሞ ታግ ሳይሆን ተራ ፊደል ነው፤ የሚያጠፋው ጸሐፊው ወይም የገጹ ባለቤት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው መጠየቅ ነው፤ በእኔ እምነት አብዛኛው ጉዳይ በዚሁ ያልቃል። በአስተያየት መስጫው ላይ ሳይሆን በግል ይጻፉ፤ በአደባባይ መከራከር ፎቶውን ላላየው ሁሉ ያሳያል። አድራሻውን አያይዘው የሚፈልጉትን በግልጽ ይንገሩ፦

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሥራችሁ አምሮ ወጥቷል። ይህን አንዱን ፎቶ ግን በግል ምክንያት ሰው እንዲያየው አልፈልግም፤ እባክህ አንሳልኝ። ሌሎቹ ይቆዩ።»

እምቢ ካሉ «Report photo» አለ፤ ነገር ግን ፌስቡክ ባለፎቶዋ ስላልወደደችው ብቻ አያነሳም፣ ደንቡ ሲጣስ እንጂ። ሰውየውን ማገድም ዳግመኛ ታግ እንዳያደርግ ይከለክለዋል እንጂ ፎቶውን አያጠፋም፤ እርስዎ ማየት ያቆማሉ፣ ሌላው ማየቱን ይቀጥላል።

ሕጉም የሚለው አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 27 እስከ 29 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ባለምስሉም እንዲቆም መጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 28 በሕዝብ ፊት የተከናወኑ ነገሮችን ፎቶ ከዚህ ክልከላ ስለሚያወጣ የሐይቅ ዳሩ ፎቶ ሊያከራክር ይችላል። በፎቶው ማስፈራራት ወይም ስም ማጥፋት ከመጣበት ግን ጉዳዩ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይሆናል። ያኔ ከማገድዎ እና አንሱልኝ ከማለትዎ በፊት አድራሻው፣ የለጣፊው ስምና ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ የስክሪኑን ምስል ያስቀሩ፤ ከጠፋ በኋላ ለፖሊስ የሚያሳዩት አይኖርዎትም።

እርቃን የሚያሳይ ምስል ከሆነ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ stopncii.org ይሂዱ፤ ባለምስሉ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወደ takeitdown.ncmec.org። ሁለቱም ከምስሉ ዲጂታል አሻራ፣ ማለትም ምስሉን ለይቶ የሚያሳውቅ ኮድ፣ የሚያወጡት በራስዎ ስልክ ላይ ነው፤ ምስሉ ራሱ አይላክም። ፌስቡክና ኢንስታግራም በዚያ አሻራ ቅጂዎቹን ፈልገው ያግዳሉ፤ ከአሠራሩ ጋር ባልተሳሰረ መድረክ ላይ የተለጠፈውን ግን ለዚያው መድረክ ለየብቻ ማመልከት ያስፈልጋል።