ከሰኞ ጀምሮ በወረፋው ላይ እንዳይደገሙ የምፈልጋቸው ስህተቶች

ጤና ይስጥልኝ፤ ጎሮ ቢሮ ያላችሁም፣ አያትና ቱሉ ዲምቱ ሆናችሁ ከቤት የምትሠሩም።

ወደ ጽሑፍ መገልበጥ የነበረባቸው ብዙ የድምፅ ቅጂዎች ወረፋው ውስጥ ሻግተዋል። ከሰኞ ጀምሮ ደንቡ ይለወጣል፤ ምክንያቱ እንዲገባችሁ ከስህተቶቹ ልነሳ።

ለነገ ብሎ ይዞ መቀመጥ። በስማችሁ የያዛችሁት ቅጂ ለሌላው ሰው አይታይም። ጥራት ያለው የግማሽ ሰዓት ድምፅ ለለመደ ሰው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አምስት ስድስት መያዝ ምን ይሉታል? ከእንግዲህ በአንድ ጊዜ የሚያዘው ሁለት ብቻ ነው። አንድ መስመር ሳይጨመርበት 24 ሰዓት የሞላው ቅጂ ራሱ ወደ ወረፋው ይመለሳል።

«እያየሁት ነው» ብሎ ማለፍ። ከሁሉም የከፋው ይኸ ነው። የአንዱን የገበያ ቃለ መጠይቅ ነገር ተመልከቱ። የያዘው ሰው ጫጫታው ሲበዛበት ወደ ጎን አደረገው። በየሦስት ቀኑ ግን «እያየሁት ነው» ይጽፍበታል። የቆዩትን የምንለየው መጨረሻ በተነካኩበት ቀን ስለነበር፣ ቅጂው ሁልጊዜ ትኩስ መስሎ ታየ። በመጨረሻ ሲመልሰው ደግሞ ሲስተሙ የተመለሰበትን ቀን እንደ መግቢያ ቀን ቆጠረውና ከወረፋው ጭራ ገባ፤ ሦስት ሳምንት የጠበቀ ሥራ ትናንት ከመጣው ኋላ ተሰለፈ። አሁን ሁለቱም ተስተካክለዋል። አስተያየት ሰዓቱን አያድስም፣ የተመለሰ ቅጂም የመጀመሪያ ቀኑን ይዞ ከፊት ይሰለፋል። ሥራው ከበዳችሁ በዚያው ቀን መልሱት። «ከ12ኛው ደቂቃ በኋላ ሁለት ሰዎች እኩል ያወራሉ» ብላችሁ ብትጽፉ ለቀጣዩ ሰው ትልቅ እገዛ ነው፤ መመለስም በማንም ላይ አይቆጠርም።

ቀላሉን መርጦ መውሰድ። አጫጭሮቹ ቶሎ ሲያልቁ አማካይ ጊዜያችን ያምራል፣ ከባዶቹ ግን ከታች ይከማቻሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የማየው አማካዩን ሳይሆን የሁሉንም ታላቅ፣ ማለትም ረጅሙን ቀን የጠበቀውን ቅጂ ነው። መምረጥ ቀርቷል፤ «ቀጣይ» ስትሉ ሲስተሙ ከፊት ያለውን ይሰጣችኋል። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ያለበት ቅጂ ብቻ ለሚችሉት ተለይቶ ይሄዳል።

«ምላሽ በመጠበቅ ላይ» የሚለውን መደበቂያ ማድረግ። ከማን እንደምትጠብቁና መቼ ደግማችሁ እንደምትጠይቁ ካልተጻፈ ሲስተሙ አይቀበለውም።

መብራት ሲሄድ የ24 ሰዓቱ ነገር እንደሚያሳስባችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ ቱሉ ዲምቱ ያላችሁት። በስልካችሁ ገብታችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ የጀመራችሁት ጽሑፍ ከቅጂው ጋር ይቆያል፣ የሠራችሁት ደቂቃም በስማችሁ ይታሰባል። ይህ የሚሆነው ግን ሴቭ ለተደረገው ብቻ ነው።

እሑድ ማታ በሁላችሁም ስም የተያዘው ሁሉ ይለቀቃል። በግማሽ ያለ ሥራ ያላችሁ ቅዳሜ ከመውጣታችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ።